በፕሌት ላይ የተበታተኑ ኃይሎችን ወደ አንድ ኃይልና አንድ ከፕል መጠቅለል

ስታቲክስ የሚወስዱ ተማሪዎችን ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣብኛል። «ኃይሎቹን ደመርኩ፣ ልክ ነው። ሞመንቱ ግን ከመልሱ ጋር አልገጥም አለኝ።» ወረቀቱን ተቀብዬ ሳየው ስህተቱ ሁሌም ከሦስት አራት ቦታ አያልፍም። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ሥራው ይሄ ነው። አንድ ፕሌት ላይ ኃይሎች በተለያየ ቦታና አቅጣጫ ይጎትታሉ፣ ይገፋሉ። አንዱ ደግሞ ያዞረዋል። እኛ ይሄን ሁሉ ትርምስ በመረጥነው አንድ ነጥብ ላይ ወደሚያርፍ አንድ ኃይልና ወደ አንድ ከፕል እንቀይረዋለን። ፕሌቱ ልዩነቱ አይታወቀውም።

ከፕል ማለት እኩል፣ ትይዩ፣ ግን ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ኃይሎች ናቸው። ሲደመሩ ዜሮ ስለሆኑ ፕሌቱን ወደየትም አይወስዱትም። ማዞር ብቻ ነው የሚችሉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለካሬ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ እና ማስመሪያ
- ካልኩሌተር (ማዕዘኑ በዲግሪ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ፤ በራዲያን ላይ ቀርቶ ስንቱን ጉድ ሠርቶታል)
- የእያንዳንዱ ኃይል መጠን፣ አቅጣጫ እና የሚያርፍበት ነጥብ

ሦስተኛው ላይ አንዱ ከጎደለ አትጀምሩ። ለድምሩ መጠንና አቅጣጫ ይበቃሉ፤ ለሞመንቱ ግን ቦታው የግድ ነው።

የምንሠራው ምሳሌ

ወርዱ 0.4 ሜትር፣ ቁመቱ 0.3 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን የብረት ፕሌት ከአንድ ኮለን ጋር በብሎን ታስሯል። የታችኛውን ግራ ጥግ ሀ እንበለው። የታችኛው ቀኝ ለ፣ የላይኛው ቀኝ ሐ፣ የላይኛው ግራ መ ይሁኑ።

- በሐ ላይ ገመድ በ500 ኒውተን ይጎትታል። አቅጣጫው 3 ወደ ቀኝ፣ 4 ወደ ታች ነው።
- በለ ላይ 200 ኒውተን የሚመዝን ዕቃ ተንጠልጥሏል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው።
- በመ ላይ ሌላ ገመድ በ260 ኒውተን ይጎትታል። አቅጣጫው 5 ወደ ግራ፣ 12 ወደ ላይ ነው።
- ፕሌቱ ላይ የተገጠመ ሞተር 120 ኒውተን ሜትር የሆነ ከፕል ያሳርፍበታል። የሚያዞረው ከሰዓት ተቃራኒ ነው።

ደረጃ 1፦ ፕሌቱን ለብቻው ሣሉት

ኮለኑን፣ ብሎኖቹን፣ ሞተሩን ሁሉ ትታችሁ ፕሌቱን ብቻ ሣሉ። ከዚያ አራቱን ጭነቶች በየቦታቸው በቀስት አስቀምጡ። ቀስቱ የሚጀምረው ኃይሉ ከሚያርፍበት ነጥብ ነው።

ብሎኖቹ የሚመልሱትን ኃይል አትጨምሩ። አሁን የምንጠቀልለው ጭነቱን ነው። የብሎኖቹን ምላሽ አብሮ የደመረ ሰው ፕሌቱ ካልተንቀሳቀሰ መልሱ ዜሮ ይመጣበታል። እንዲህ ሆኖ «ምንም ጭነት የለም ማለት ነው?» ብሎ የመጣ ልጅ አጋጥሞኛል።

ደረጃ 2፦ መነሻ ነጥብና ምልክት ምረጡ፣ ጻፉትም

መነሻችን ሀ ነው። ወደ ቀኝ ፖዘቲቭ፣ ወደ ላይ ፖዘቲቭ፣ ከሰዓት ተቃራኒ መዞር ፖዘቲቭ። ይሄንን በወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት። በጭንቅላት የተያዘ ምልክት ሦስተኛው ኃይል ላይ ስትደርሱ ይገለበጣል።

ነጥቡ የትም ቢሆን ይሠራል። ግን ብዙ ኃይሎች የሚያልፉበትን ወይም ርቀቱ በቀላሉ የሚነበብበትን ጥግ መምረጥ ስሌቱን ያሳጥራል።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ኃይል ወደ አግድምና ቁም ከፋፍሉ

የ500ውን እንይ። 3 እና 4 ካሉ ረጅሙ ጎን 5 ነው። ስለዚህ አግድሙ የ500 ሦስት አምስተኛ፣ ማለትም 300 ይሆናል። ቁሙ አራት አምስተኛው፣ 400 ነው። ወደ ታች ስለሆነ −400 ብለን እንጽፋለን።

የ260ው ላይ ረጅሙ ጎን 13 ነው። አግድሙ 260 × 5/13 = 100፣ ወደ ግራ ስለሆነ −100። ቁሙ 260 × 12/13 = 240፣ ወደ ላይ።

ጥያቄው ዝንባሌውን በማዕዘን ከሰጣችሁ ማዕዘኑ ከየት እንደተለካ አጣሩ። ኮሳይን ለአግድም የሚሆነው ማዕዘኑ ከአግድሙ ሲለካ ብቻ ነው። ከቁሙ ከተለካ ይገለበጣል። «ኮሳይን ለአግድም» ብሎ መሸምደድ ብዙዎችን የሚጥለው እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 4፦ ኃይሎቹን ደምሩ

```
Rx = 300 + 0 − 100 = 200 N
Ry = −400 − 200 + 240 = −360 N
R = √(200² + 360²) ≈ 412 N
```

ድምር ኃይሉ 412 ኒውተን ገደማ ነው። ወደ ቀኝና ወደ ታች ያዘነብላል፣ ከአግድሙ በታች 61 ዲግሪ ያህል። የሞተሩ ከፕል እዚህ ድምር ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም፤ ኃይሎቹ ተጣፍተዋል።

412ቱን በኋላ ለመልስ ትጽፉታላችሁ እንጂ ስሌቱን የምትቀጥሉት በ200 እና በ−360 ነው። የተጠጋጋ ቁጥር ይዞ መሄድ መጨረሻ ላይ ማጣሪያው እንዳይገጥም ያደርጋል።

ደረጃ 5፦ የእያንዳንዱን ኃይል ሞመንት በሀ ዙሪያ አውጡ

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ።

ደብተር ጠረጴዛ ላይ አድርጉና መሃሉን በጣት ግፉት። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሁን በዚያው ጉልበት፣ በዚያው አቅጣጫ ጥጉን ግፉት። ይሄዳል፣ ግን ይዞራልም። መሃሉን እየገፋችሁ ጥጉ እንደተገፋ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በሌላው እጃችሁ ማዞር አለባችሁ። ኃይልን ከራሱ መስመር አውጥተን ወደ ሀ ስናመጣው የምንጨምረው ከፕል ያ የሌላው እጅ ሥራ ነው።

ይሄ ጭማሪ ከየትም የመጣ አይደለም። በሀ ላይ ከ500ው ጋር ትይዩ የሆኑ ሁለት ኃይሎች አስቡ፤ አንዱ ወደ እሱ አቅጣጫ፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው። ሁለቱ ስለሚጣፉ ፕሌቱ ላይ ምንም አልጨመርንም። አሁን ግን በሐ ያለው ኃይል በሀ ካለው ተቃራኒ ጋር ሲጣመር ከፕል ይሆናል። በሀ የቀረው ደግሞ የተዘዋወረው ኃይላችን ነው። ኃይሉ መጠኑም አቅጣጫውም አልተነካም።

የከፕሉን መጠን በዚህ ታወጣላችሁ፦

```
M = x·Fy − y·Fx
```

x እና y ኃይሉ የሚያርፍበት ነጥብ ከሀ ያለው ርቀት ናቸው፣ ከነምልክታቸው። የመቀነስ ምልክቱ ትርጉም አለው። ከሀ በላይ ያለ ነጥብን ወደ ቀኝ ብትገፉት ፕሌቱ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል፣ እሱ ደግሞ በእኛ ስምምነት ኔጌቲቭ ነው።

| ነጥብ | x (ሜ) | y (ሜ) | Fx (ኒ) | Fy (ኒ) | M (ኒ·ሜ) |
|---|---|---|---|---|---|
| ሐ | 0.4 | 0.3 | 300 | −400 | −160 − 90 = −250 |
| ለ | 0.4 | 0 | 0 | −200 | −80 |
| መ | 0 | 0.3 | −100 | 240 | 0 + 30 = +30 |

ሠንጠረዡን አትዝለሉት። ምልክት ሲጠፋ የት እንደጠፋ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

የሐን በሌላ መንገድ እንፈትሸው። ከሀ እስከ ሐ ያለው ሰያፍ 0.5 ሜትር ነው፣ 4 ወደ ቀኝ 3 ወደ ላይ ይሄዳል። ኃይሉ ደግሞ 3 ወደ ቀኝ 4 ወደ ታች። ሁለቱ በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ። ስለዚህ የሞመንቱ ክንድ ሰያፉ ራሱ ነው፦ 500 × 0.5 = 250። የሚያዞረው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ገጠመ።

እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚገጥመው ግን በዕድል ነው። የመን ብትወስዱ 260ን በ0.3 ማባዛት 78 ይሰጣችኋል፣ ልክ አይደለም። 0.3 ከሀ እስከ ነጥቡ ያለው ርቀት ነው። ክንድ የሚባለው ግን ከሀ ተነስቶ የኃይሉን መስመር በ90 ዲግሪ የሚነካው ርቀት ነው፣ እሱ እዚህ 0.115 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሚመጡልኝ ወረቀቶች ውስጥ ይሄ ስህተት የሌለበት ማግኘት ይከብዳል።

ደረጃ 6፦ የሞተሩን ከፕል ጨምሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ

```
M = −250 − 80 + 30 + 120 = −180 N·m
```

«ሞተሩ ከሀ ምን ያህል ይርቃል? በርቀቱ አላባዛውም?» አታባዙትም። ከፕል ቦታ የለውም። ካላመናችሁ ከፕሉን በ0.2 ሜትር የተራራቁ ሁለት የ600 ኒውተን ኃይሎች አድርጋችሁ አስቡት። ከሀ ቅርብ ያለው 1 ሜትር ይራቅ እንበል። ሩቁ 600 × 1.2 = 720 ያዞራል፣ ቅርቡ በተቃራኒው 600 × 1 = 600። ልዩነቱ 120። 1 ሜትሩን 5 ሜትር አድርጉት፣ ያው 120 ነው።

ኒውተን ሜትር የሆነን ነገር እንደገና በሜትር ማባዛት አሃዱንም ያበላሻል። አሃዱን አጠገቡ እየጻፋችሁ ከሄዳችሁ ይሄ ስህተት ራሱ ይጮኻል።

ደረጃ 7፦ መልሱን ጻፉ፣ ከዚያ በሌላ ነጥብ አጣሩት

መልሱ፦ በሀ ላይ 200 ኒውተን ወደ ቀኝና 360 ኒውተን ወደ ታች፣ ከ180 ኒውተን ሜትር ከፕል ጋር። ከፕሉ የሚያዞረው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። «በሀ ላይ» የሚለውን ካልጻፋችሁ መልሱ ጎዶሎ ነው። ነጥቡ ሲቀየር ኃይሉ አይቀየርም፣ ከፕሉ ግን ይቀየራል።

አሁን ማጣሪያው። የብሎኖቹ መሃል ከሀ 0.1 ሜትር ወደ ቀኝ፣ 0.15 ሜትር ወደ ላይ ነው እንበል። ያገኘነውን መልስ ወደዚያ እናዛውር፦

```
M' = −180 − (0.1·(−360) − 0.15·200) = −180 + 66 = −114 N·m
```

ከዚያ መልሱን ረስታችሁ ሦስቱን ኃይሎች ከዜሮ ጀምራችሁ በዚሁ አዲስ ነጥብ ዙሪያ አስሉ። ርቀቶቹ አሁን ከብሎኖቹ መሃል ነው የሚለኩት፦

```
ሐ: 0.3·(−400) − 0.15·300    = −165
ለ: 0.3·(−200) − (−0.15)·0   = −60
መ: −0.1·240 − 0.15·(−100)   = −9
−165 − 60 − 9 + 120 = −114 N·m
```

ሁለቱ መንገዶች እኩል −114 ሰጡ። ባይሰጡ ኖሮ ከኃይሎቹ የአንዱ ሞመንት ወይም ምልክት ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ወደ ሠንጠረዡ ተመለሱ። ማጣሪያው የማይይዘው አንድ ነገር አለ። ደረጃ 3 ላይ አግድምና ቁሙን ካቀያየራችሁ ሁለቱም መንገዶች እኩል ይሳሳታሉና ይገጥማሉ። እሱን ከሥዕሉ ጋር በዓይን ማስተያየት ነው።

ብሎኖቹን ለሚመርጥ ሰው የሚጠቅመውም ይሄኛው ቁጥር ነው። ብሎኖቹ በአንድነት 200 ወደ ግራ፣ 360 ወደ ላይ እና 114 ኒውተን ሜትር ከሰዓት ተቃራኒ መመለስ አለባቸው።

ደረጃ 8፦ ከፕሉን ማስወገድ ከፈለጋችሁ

ኃይሎቹ በሙሉ በፕሌቱ ልክ ተኝተው ካሉና ድምራቸው ዜሮ ካልሆነ፣ ከፕሉን ጨርሶ አጥፍቶ በአንድ ኃይል ብቻ መተካት ይቻላል። ኃይሉን ወደ ጎን እንገፋዋለን። ከሀ ርቆ የሚፈጥረው ሞመንት ልክ −180 የሚሆንበት መስመር ላይ ስናደርሰው ከፕሉ ሥራ ያጣል።

```
x·(−360) − y·200 = −180
```

y ዜሮ ሲሆን x = 0.5 ሜትር ይመጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ፕሌቱ ወርዱ 0.4 ነዋ! ግን ያገኘነው መስመር ነው። የታችኛውን ጠርዝ ማራዘሚያ ከፕሌቱ ውጪ ቢቆርጠውም ፕሌቱ ራሱ ላይ ያልፋል። y = 0.3 ስታደርጉ x = 0.333 ይሆናል፣ የላይኛው ጠርዝ ላይ። x = 0.4 ስታደርጉ y = 0.18፣ የቀኙ ጠርዝ ላይ። መስመሩ የሐን ጥግ ቆርጦ ያልፋል። እዚያ መስመር ላይ ከሚገኝ ከየትኛውም ነጥብ በ412 ኒውተን ብትጎትቱት የአራቱን ጭነቶች ያህል ነው።

መስመሩ ከሀ በየት በኩል እንደሚውል ለማጣራት ቀላል ነው። ኃይሉ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይሄዳል። ሀን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ለማዞር ከሀ በላይና በቀኝ ማለፍ አለበት። አልፏል። ርቀቱን ብቻ አውጥተው (180 ÷ 412፣ 0.44 ሜትር አካባቢ) በግራ በኩል የሚያስቀምጡ አሉ፤ ያኔ ፕሌቱ ወደ ተቃራኒው ይዞራል።

ይሄ ዘዴ የማይሠራባቸው ቦታዎች

ድምር ኃይሉ ዜሮ ከሆነ ደረጃ 8ን እርሱት። የቀረው ንጹህ ከፕል ነው፣ በአንድ ኃይል አይተካም። ቀመሩ ውስጥ ብትከቱት በዜሮ ማካፈል ይመጣባችኋል።

ከፕሌቱ ፊት ወደ ውጪ የሚጎትት ኃይል ካለ አንድ ሞመንት አይበቃም፤ በሦስቱም ዘንጎች ዙሪያ ማውጣት ያስፈልጋል። ደረጃ 1 እስከ 7 እንዳለ ይሠራል፣ ሠንጠረዡ ብቻ ይሰፋል። ከፕሉን ጨርሶ ማጥፋት ግን ሁሌ አይቻልም። የሚጠፋው ኃይሉን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጠው ክፍሉ ብቻ ነው። በኃይሉ መስመር ዙሪያ የሚያዞረው ክፍል ይቀራል፣ ልክ ብሎን እየገፉ እንደማጥበቅ።

ሦስተኛው የበለጠ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ከፈተና ወጥቶ ወርክሾፕ ስለሚገባ። መጠቅለሉ ልክ የሚሆነው ፕሌቱ የማይታጠፍ ነው ብለን ስለተነሳን ነው። የብሎኖቹን ምላሽ ለማወቅ በቂ ነው። በሐ በኩል ገመዱ የገባበት ቀዳዳ ይቀደድ እንደሆነ ለማወቅ ግን አይሆንም። ቀዳዳው የሚያውቀው 500 ኒውተኑን ነው። የተጠቀለለውን መልስ ይዞ የፕሌቱን ውፍረት መወሰን አደጋ አለው።

አንድ ነገር ሆን ብዬ ትቻለሁ፣ የፕሌቱን ክብደት። የፈተና ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይተዉታል። ግን ፕሌቱ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቢሆን 9.4 ኪሎ፣ ማለትም 92 ኒውተን ያህል ይመዝናል። የተንጠለጠለው ዕቃ 200 መሆኑን አስታውሱ። አራተኛ ኃይል አድርጋችሁ በፕሌቱ መሃል፣ ከሀ 0.2 ሜትር ወደ ቀኝና 0.15 ሜትር ወደ ላይ፣ ወደ ታች አስቀምጡትና ከደረጃ 3 ጀምሩ። Rx ያው 200 ነው። Ry −452፣ በሀ ዙሪያ ያለው ከፕል −198.4 ሊመጣላችሁ ይገባል። የደረጃ 8 መስመርም የታችኛውን ጠርዝ ማራዘሚያ 0.439 ሜትር ላይ ይቆርጣል፤ ክብደቱ ወደ ራሱ ስቦት 6 ሳንቲሜትር ወደ ግራ መጥቷል፣ ከፕሌቱ ግን አሁንም 4 ሳንቲሜትር ያህል ውጪ ነው።